ከጥምቀት ሽያጭ የተያዘ 316,140 ብር፦ የአንድ ጎንደር ሱቅ ደብዳቤ

ጥር 13 ጠዋት እቴቴ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ሱቃቸው ፒያሳ አካባቢ ነው። ጥበብ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጋቢና የሕፃናት የባህል ልብስ ይሸጣሉ። እኔ የሳቸውንና የሌሎች ጥቂት ሱቆችን ሒሳብ እይዛለሁ። ስልኩ ላይ የክፍያ ድርጅቱ ገጽ ተከፍቷል። ከገንዘቡ መጠን ጎን `On hold` ይላል።

“ይሄ ምን ማለት ነው? በሉት እንዴ?” አሉኝ።

አልበሉትም። ይዘውታል። ግን ለተያዘበት ሰው ልዩነቱ ብዙም አይታይም። የድርጅቱንም የሳቸውንም ስም አልጠቅስም፤ ጉዳዩን ግን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ሌላ ሰው ላይ ሲደርስ የኛን ስሕተት እንዳይደግም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ደንበኛው በሊንክ ወይም በኪውአር ኮድ ይከፍላል። ገንዘቡ በቀጥታ ወደ እቴቴ ባንክ አይገባም። መጀመሪያ ክፍያ አቀባዩ ድርጅት ዘንድ ይሰበሰባል። ድርጅቱ ኮሚሽኑን ቀንሶ በማግሥቱ የሥራ ቀን ወደ ሱቁ ሒሳብ ያስተላልፋል። ሰትልመንት የሚሉት ይሄን ነው። እስኪተላለፍ ድረስ ሽያጩ ተሽጧል፣ ዕቃው ሄዷል፣ ብሩ ግን ገና የለም። እቴቴ ጋ የቆመው እዚህ ላይ ነው። የጥር 3፣ 4 እና 5 ሽያጭ ገብቶላቸዋል። ከጥር 6 ጀምሮ አንድ ብር አልገባም። ከተራው፣ ጥምቀቱ፣ ሚካኤሉ፣ ሱቁ ጢም ብሎ ሳለ ማን ሒሳብ ያያል? ያዩት በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ስልክ ደወሉ። ሦስት ቀን፣ ሦስት ጊዜ። መልሱ አንድ ነበር፦ “ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው።” ልጅቷ ላይ አልፈርድም። ስልክ የሚያነሱት ልጆች ገንዘብ የመልቀቅ ሥልጣን የላቸውም። የያዘው ሌላ ክፍል ነው፤ እነሱም ስልክ አያነሱም።

ጥር 16 እቴቴ ለኔ ሳይነግሩኝ ፍርድ ቤት አጠገብ ወዳለ ማመልከቻ ጻፊ ሄዱ። ሦስት ገጽ አስጻፉ። ቅጂውን ኋላ ላይ አየሁት። አጻጻፉ ያምራል፣ እውነቴን ነው። “ላቤን አንጠፍጥፌ ያፈራሁትን ገንዘብ በግፍ በመቀማት” ይላል። ልጆች ማሳደጋቸውን፣ ሱቁን ከባዶ መጀመራቸውን ይተርካል። “418,000 ብሬ ከነወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተመለሰ” ይልና ይዝታል። ከታች ግልባጭ የተባለው ዝርዝር ከብሔራዊ ባንክ ጀምሮ ስድስት መሥሪያ ቤት ይደርሳል። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እስክሪብቶም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። ከድርጅቱ “ኢሜይልዎ ደርሶናል” የሚል አውቶማቲክ መልስ መጣ። ከዚያ የውሃ ሽታ።

ያ ደብዳቤ ለምን እንዳልሠራ ማየት ይጠቅማል። ቁጣው ነው ችግሩ እንዳይመስላችሁ። ችግሩ ቁጥሩ ነው።

418,000 ብር ከጥር 3 እስከ 12 ባለው ጊዜ በድርጅቱ በኩል የተሸጠው ጠቅላላ ነው፤ 58 ክፍያ። ከዚህ ውስጥ 14ቱ ክፍያዎች፣ 86,000 ብር፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሽያጭ ናቸው፤ ተላልፈዋል። የቀሩት 44 ክፍያዎች 332,000 ብር ናቸው። አንዷ ደንበኛ ቀሚሱ ስለጠበባት 7,000 ብር ተመልሶላታል። ኮሚሽኑ ደግሞ 8,860 ብር ነው። ስለዚህ የተያዘው 316,140 ብር ነው። ገጹም ላይ የሚታየው ይኸው ነው። እንግዲህ ፋይሉን የሚያየው ሰው በ418,000 ጥያቄና በ316,140 ገጽ መሃል ከመቶ ሺህ ብር በላይ ልዩነት ያያል። የማይገጥም ቁጥር ያለው ፋይል ደግሞ ወደ ጎን ይቀመጣል። እኔም ብሆን ወደ ጎን አስቀምጠዋለሁ።

ቀጥዬ የፈለግኩት ምክንያቱን ነው። ድርጅቱ የላከው አጭር ኢሜይል “ያልተለመደ እንቅስቃሴ” እና “የተሟላ ሰነድ” ይላል እንጂ አያብራራም። ውሉን አውጥተን አነበብነው። እቴቴ ሲመዘገቡ ስልክ ላይ “እስማማለሁ” ብለው ያለፉት ውል ነው። አሥራ አንድ ገጽ ይሆናል። አንዱ አንቀጽ ድርጅቱ ከተለመደው የወጣ እንቅስቃሴ ሲያይ ሒሳብ ይዞ ማጣራት እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ “በግፍ” የሚለው ክርክር ከመጀመሪያው አያዋጣም። መያዝ ይችላሉ። መጠየቅ የሚቻለው ለምን፣ ምን ያህሉን እና እስከ መቼ የሚለውን ነው።

ከዚያ የመመዝገቢያውን ቅጽ አየሁ። “በወር የሚጠበቅ ሽያጭ” በሚለው ቦታ እቴቴ 60,000 ብር ብለው ሞልተዋል። ያኔ እውነት ነበር። ሱቁ ግን በጥምቀት በአሥር ቀን 418,000 ሸጠ። ጎንደር ለሚኖር ሰው ይሄ የሚያስገርም አይደለም። ጥር መግቢያ ላይ የሱቆቹ ስልክ አያርፍም፤ የሠፈር ወጣቶች ማኅበር አንድ ዓይነት ልብስ በጅምላ ያዛል፤ ከውጭ የመጣው ዘመድ ቤተሰቡን ያለብሳል። ኮምፒውተሩ ግን ጥምቀትን አያውቅም። የሚያየው በወር 60,000 የሚሸጥ ሱቅ በድንገት ሰባት እጥፍ መሸጡን ነው። የተሰረቀ ካርድ የሚያራግፍ ሰው የሚተወው ዱካም ይሄንኑ ይመስላል።

ሁለተኛው ምክንያት የራሳችን ጥፋት ነው። የራሳችን ስል የኔ ጭምር። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። እቴቴ ታኅሣሥ 24 አድሰዋል። የታደሰውን ግን ለክፍያ ድርጅቱ አልላክንም። በነሱ ፋይል ያለው ፈቃድ የአምናው ነው። ሽያጩ ዘሎ ፋይሉ ሲከፈት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያገኙት ያልታደሰ ፈቃድ ነው ማለት ነው።

እስካሁን ያለው ቀላሉ ነው። ደብዳቤውን የለወጠው 44ቱን ክፍያዎች አንድ በአንድ ስንደረድራቸው ያየነው ነገር ነው። 35ቱ ከአገር ውስጥ ዋሌትና ባንክ የመጡ ናቸው፤ 221,000 ብር፤ ቀሚሱ ለጠበባት ደንበኛ የተመለሰው 7,000ም ከዚሁ ነው። 9ኙ በውጭ አገር ካርድ የተከፈሉ ናቸው፤ 111,000 ብር። ኮሚሽናቸውም ይለያያል፤ በእቴቴ ውል ለአገር ውስጡ 2 በመቶ፣ ለካርዱ 4 በመቶ ነው። የድርጅቱ ፍርሃትም ሁለቱ ላይ እኩል አይደለም።

የካርድ ክፍያ ይቀለበሳል። ካርዱ የኔ ነው የሚል ሰው ባንኩን “ይሄን አልከፈልኩም” ወይም “ዕቃው አልደረሰኝም” ብሎ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ቻርጅባክ ይሉታል። ለአብዛኛው የቪዛና የማስተርካርድ ቅሬታ የተለመደው ጊዜ 120 ቀን ነው። ድርጅቱ ዛሬ ለሱቁ ከፍሎ ከሦስት ወር በኋላ ቻርጅባክ ቢመጣ መጀመሪያ የሚቆረጠው ከድርጅቱ ነው። ከዚያ ድርጅቱ ሱቁን ይፈልጋል። ሱቁ ተዘግቶ ቢገኝስ? የሚይዙት ለዚህ ነው። ዋሌት ላይ ግን እንዲህ ያለ የካርድ ሥርዓት የለም። ደንበኛው በራሱ ምሥጢር ቁጥር ነው የላከው። እና ለ111,000 ብሩ ስጋት ተብሎ 221,000ውም አብሮ ታስሮ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ደብዳቤው ሁለት ጥያቄ ይኑረው ያልኩት። “ሁሉንም ልቀቁ” ካልን መልሱ ወይ ሁሉም ነው ወይ ምንም ነው። የሚያጣራው ሰው ደግሞ ምንም ማለት ይቀለዋል። ለሁለት ከከፈልነው ቢያንስ ለአንዱ እሺ ማለት ይችላል።

ካርዶቹን ስናይ ሌላ ጉድ አገኘን። ከአንድ ካርድ በአራት ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ 12,000 ብር ተከፍሏል። እቴቴን ጠየቅኳቸው።

“አንዱን ቀሚስ ነው የወሰደችው። መጀመሪያ አልሄደም ብላ ደግማ ሞከረች።”

“ሁለቱም ሄዷል እኮ እቴቴ።”

ዝም አሉ። ከዚያ፣ “እንዴት ነው ታዲያ፣ ይሄን እኛው እንንገራቸው? ይባስ ብለው ቢይዙትስ?”

መንገር አለብን አልኩ። ሴትየዋ የካርዷን መግለጫ ስታይ ራሷ ቻርጅባክ ታመጣለች፤ ያኔ ሱቁ ከ12,000ው በላይ ያጣል፤ ስሙም ይበላሻል። ቀድመን ከተናገርን ግን ፋይሉን የሚያየው ሰው ቀሪውን ቁጥራችንን ያምናል። እቴቴ አላመኑኝም፤ ግን ተስማሙ። 12,000ው ሲመለስ ኮሚሽኑ 480 ብር አይመለስም። እሱ ከሱቁ ይሄዳል።

ከዚያ የመረከቢያ ማስረጃ ፍለጋ ገባን። ከቀሩት 8 የካርድ ክፍያዎች 6ቱን ዕቃ ደንበኞቹ ወይም ዘመዶቻቸው ሱቅ መጥተው ወስደዋል። የሽያጭ ደረሰኝ አለ። እቴቴ ደግሞ ጥሩ ልማድ አላቸው፤ በቅድሚያ የተከፈለበትን ዕቃ ሲያስረክቡ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ላይ ያስፈርማሉ። የሁለቱ ግን፣ 24,000 ብር ነው፣ ወደ አዲስ አበባ በሰው እጅ የተላከ ነው። “ለማውቀው ልጅ ሰጠሁት፣ ደርሷል ብሎኛል።” ሊደርስ ይችላል። ማስረጃ ግን አይደለም።

ጥር 26 የላክነው ደብዳቤ ይሄ ነው። ቁጥርና አድራሻ ብቻ አውጥቻለሁ።

ለነጋዴዎች ሒሳብ ማጣሪያ ክፍል

ጉዳዩ፦ ከጥር 6 እስከ 12 የተያዘ 316,140 ብር በከፊል እንዲለቀቅ ስለመጠየቅ

በነጋዴ መለያ ቁጥራችን ከጥር 6 እስከ 12 ከተፈጸሙ 44 ክፍያዎች የተገኘ 316,140 ብር የተጣራ ሒሳብ ተይዞብናል። ዝርዝሩ በአባሪ 1 ከየግብይት ቁጥሩ ጋር ተያይዟል። ጥር 16 በላክነው ደብዳቤ የጠቀስነው 418,000 ብር የተላለፈልንንም ጭምር የያዘ ጠቅላላ ሽያጭ ስለሆነ በዚህ ይታረምልን።

ሽያጩ የጨመረው በጥምቀት በዓል ምክንያት ነው። ሱቁ የባህል ልብስ ሻጭ ነው። የአንድ ወጣት ማኅበር የ20 ሰው ልብስ ትእዛዝና ሌሎች የጅምላ ትእዛዞች በአባሪ 2 ይገኛሉ። ስንመዘገብ የሞላነው የወር ግምት የበዓል ወቅትን አላካተተም። የንግድ ፈቃዳችን ታኅሣሥ 24 ታድሷል፤ ሳንልክላችሁ የቆየነው በእኛ ስሕተት ነው፤ በአባሪ 3 ልከናል።

ስለዚህ፦ አንደኛ፣ በአገር ውስጥ ዋሌትና ባንክ ከተፈጸሙት 35 ክፍያዎች የተገኘው 209,580 ብር እንዲለቀቅልን እንጠይቃለን። ሁለተኛ፣ ከ9ኙ የካርድ ክፍያዎች አንዱ፣ 12,000 ብር፣ በስሕተት ሁለት ጊዜ የተከፈለ ስለሆነ ለደንበኛዋ ይመለስ። ከቀሩት 8 ውስጥ ለ6ቱ የዕቃ መረከቢያ ፊርማና ደረሰኝ በአባሪ 4 አያይዘናል፤ እነዚህም ይለቀቁልን። ለሁለቱ ማስረጃ ስለሌለን ሒሳቡ ለተወሰነ ጊዜ ቢቆይ አንቃወምም። ሆኖም በየትኛው የውሉ አንቀጽና እስከ መቼ እንደሚቆይ በጽሑፍ ይገለጽልን።

ለፋሲካ የሚደርስ ልብስ ለማሠራት ለሸማኔዎች እስከ የካቲት 5 ቅድሚያ መክፈል ስላለብን ለአንደኛው ጥያቄ ከዚያ በፊት ምላሽ እንድትሰጡን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ከግርጌው የእቴቴ ፊርማና የሱቁ ማኅተም አለ። አንድ ገጽ ነው። እቴቴ አንብበው ሲጨርሱ “ይሄ ደብዳቤ ነው ወይስ ደረሰኝ?” አሉኝ። ልጆቹ የሉበትም፣ ላቡ የለበትም። ትንሽ ከፋቸው። የሸማኔዎቹ ቀን እንዲገባ ያደረግኩት ግማሹን ለሳቸው ስል ነው። ግን ሠራ፤ የሚያጣራው ሰው ቀጠሮ የሚይዝበት ቀን አገኘ።

ግልባጩን ተውኩት። ማመልከቻ ጻፊው ተሳስቶ አይደለም፤ የክፍያ አቀባዮች ፈቃድ ሰጪና ተቆጣጣሪ ብሔራዊ ባንክ ነው። የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 ሥልጣኑን ለሱ ሰጥቷል፤ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያም አውጥቷል። አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ግን እዚያ ስትሄዱ “መጀመሪያ ለድርጅቱ አመለከታችሁ ወይ? ምን አሉ?” መባሉ አይቀርም። የሚታይ ጥያቄና የሚታይ ዝምታ መያዝ ያስፈልጋል። ደግሞ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ስድስት ግልባጭ ሲያዩ ፋይሉን ከማጣሪያ ክፍሉ አንስተው ለሕግ ክፍል ይሰጡታል። የሕግ ክፍል ገንዘብ አይለቅም፤ መልስ ይጽፋል። የካቲት 5 ዝም ካሉ ለባንኩ የሚላከውን ግን አዘጋጅቼ አስቀምጬ ነበር።

አላስፈለገም። ጥር 29 አንድ ሰው ደወለ፤ በስሙ ራሱን አስተዋውቆ። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ የማኅበሩ ትእዛዝ ላይ ያለው ስልክ የማን ነው? ሰጠነው። ደውሎ አረጋግጧል መሰለኝ። የካቲት 3 ቀን 209,580 ብር ገባ። እቴቴ የባንኩን መልእክት ሱቅ ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡት። በዚያው ቀን ሸማኔዎቹ ጋ ሄዱ።

የካርዱ ቆየ። የፊርማ ደብተሩ ፎቶ አንዱ ደብዝዞ ስለነበር በድጋሚ አንስተን ላክን። በሁለት ፊርማዎች ላይ የተረካቢው ስም ከካርዱ ስም ጋር አልገጠመም። ይሄ እኛ ዘንድ ተራ ነገር ነው፤ ልጅ ከአሜሪካ ይከፍላል፣ እናት ጎንደር ትረከባለች። ለነሱ ግን ቀይ መብራት ነው። ከፋዮቹ “እናቴ ወስዳለች” ብለው ከጻፉት የቴሌግራም መልእክት ስክሪንሾት ስንልክ ተቀበሉት። የካቲት 17 ቀን የስድስቱ ሒሳብ፣ 71,520 ብር፣ ገባ። የተመላሹ ኮሚሽን ከዚሁ ላይ ተቆርጧል።

ለቀሩት ሁለቱ የጽሑፍ መልስ መጣ፦ 23,040 ብር የመጨረሻው ክፍያ ከተፈጸመበት 120 ቀን እስኪሞላ በመጠባበቂያ ይቆያል። ጥር 12 ላይ አራት ወር መጨመር ነው፤ ከጳጉሜን በቀር የኛ ወር ሁሉ 30 ቀን መሆኑ እዚህ ላይ ተመቸ። ግንቦት 12። እቴቴ ቀኑን ሱቁ ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ከበቡት።

ወደ አዲስ አበባ የተላኩት ልብሶች ላይ ቅሬታ አልመጣም። ግንቦት 14 ብሩ ገባ። ዕቃ በሰው እጅ የሚልኩ ከሆነ ተቀባዩ “ደረሰኝ” ብሎ በጽሑፍ እንዲመልስ አሁን እቴቴ ያዝዛሉ። ሰማያዊው ደብተርም ሁለተኛው ቅጽ ላይ ደርሷል። እኔ ደግሞ የድርጅቱ የምዝገባ ገጽ ላይ ገብቼ የወሩን ግምት አስተካክዬ፣ “በጥርና በፋሲካ ሰሞን እስከ 450,000 ብር” ብዬ አስመዘገብኩ። እቴቴ ከትከሻዬ በላይ እያዩ ነበር።

“አምስት መቶ በለው” አሉኝ። “ዘንድሮ የማኅበሩ ልጆች ሠላሳ ነን ብለዋል።”